ባዶ መደርደሪያ ያሳሳተው ስሌት
አንድ የቁይ ባለሱቅ የዕቃ መዝገቡን የስክሪን ፎቶ ላከልን እንበል፦ ባለ 5 ሊትር ዘይት፣ እጅ ላይ ያለ 42፣ በ30 ቀን የተሸጠ 90። በቀን 3 ስለሚሸጥ ያለው ለ14 ቀን ይበቃል የሚል ሰው ቸኩሏል ባይ ነኝ። ፎቶው ዘይቱ ስንት ቀን ከመደርደሪያው ጠፍቶ እንደነበር አያሳይምና። ለ12 ቀን ከጠፋ፣ ያ 90 የተሸጠው በ18 ቀን ነው፤ እውነተኛው የቀን ሽያጭ 5፣ ያለው የሚያቆየውም 8 ቀን ገደማ ነው። ጭነቱ ከደብረ ማርቆስ እስኪደርስ 5 ቀን ከፈጀ፣ መኪና ቢዘገይ ብለን የ2 ቀን መጠባበቂያ ከጨመርን፣ ዘይቱ 35 ሲቀር ማዘዝ አለበት። በ3 ያሰላ ግን 21 እስኪቀር ይጠብቃል፤ እሱም ከአራት ቀን እምብዛም አያልፍም። ይባስ ብሎ ሱቁ ባዶ የሚውልበት ቀን የሚቀጥለውን ወር አማካይ ዳግም ያወርደዋል። እኔ ብሆን ከፎቶው ጋር የየዕለቱን ሽያጭ እጠይቃለሁ፤ ተከታታይ ዜሮ ካየሁ ገበያ ጠፍቶ ነው ወይስ ዕቃ ብዬ ከባለሱቁ አጣራለሁ። ያ 35 ራሱ ለዐቢይ ጾም አይሆንም፤ ቅቤ ሲቀር ዘይት ይሮጣል፣ ስሌቱም ከቅበላ በፊት በአምናው የጾም ሽያጭ መታደስ አለበት።