ሰዓቱን ፌክ ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። ሦስቱም የአንድ ቀን፣ ከአንድ ስማርት ሰዓት ላይ የተነሱ ናቸው። ጠዋት 12፡30 ላይ የልብ ምቱ 58፣ ከምሳ በኋላ 77፣ ማታ 4፡30 ላይ 69። ከስር እንዲህ ብሏል፦ «ቲቸር፣ ምንም ሳልሠራ አርፌ ነው የለካሁት። እናቴ የምትወስደው የግፊት ኪኒን የልብ ምት ይቀንሳል አሉኝ። ግማሹን ብወስደው ምን ይመስልዎታል?»

በፈቃዱ ነው የምጽፈው። ለእኔ ከመላኩ በፊት ፎቶዎቹን አንድ ግሩፕ ላይ ለጥፏቸው ነበር። ግማሹ ሰው «ሰዓቱ ፌክ ነው፣ ጣለው» አለው። ሌላው ግማሽ «ልብህ ደክሟል» አለው። ኪኒኑም የመጣው ከእነዚህ ነው። ልጁ ደግሞ 10ኛ ክፍል እያለ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ኢንሄለር በኪሱ ይዞ የሚመጣ የአስም ታማሚ ነበር። የልብ ምት የሚቀንሱት እነ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠቡበት ይችላሉ። ኮሜንት የጻፈው ሰው ይህን አልጠየቀም። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን መልስ አለኝ።

«ፌክ ነው» ከሚሉት ልጀምር። ክርክራቸው «እረፍት እረፍት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት» የሚል ነው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። አንተ ወንበር ላይ ተደግፈህ ስላረፍክ ልብህ ሥራ አልቀነሰለትም። ልብ የራሱ ምት አስነሺ አለው፤ ምንም የሚያዘው ነርቭ ባይኖር በደቂቃ ወደ 100 ገደማ ይመታ ነበር። ወደ 60ዎቹ የሚያወርደው ከአንጎል የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው፤ እንደ ፍሬን አስቡት። ይህ ፍሬን ሌሊት ጠበቅ ይላል፣ ቀን ላላ ይላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነቃ ሰውነት ቀዝቀዝ ያለ፣ ሆድ ባዶ፣ ፍሬኑም ገና እንደተያዘ ነው። ስለዚህ 58 ታያለህ።

ምሳ በልተህ ስትቀመጥስ? እግርህ አርፏል፣ አንጀትህ ግን ሥራ ጀምሯል። ወደ ጨጓራና አንጀት የሚሄደው ደም ከምግብ በኋላ እስከ እጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ ያንን ደም የሚገፋው ልብ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገፋል ብንል፣ በ58 ምት በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በ77 ምት 5 ሊትር ተኩል ይጠጋል። ምግቡ በበዛ ቁጥር ጭማሪው ይበዛል፣ አንድ ሁለት ሰዓትም ይቆያል።

«ይሄ ወሬ ነው» ለሚል ሰው ደግሞ ማስረጃ አለን። ልጁን ቅዳሜ ዕለት አንድ ነገር እንዲሞክር ነገርኩት፦ ምሳህን አዘግይተህ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ብላ፣ በየደረጃውም አምስት አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ለካ። ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ተኝቶ እንዳለ 58። ከአልጋው ተነስቶ ሲቀመጥ 63፣ ምክንያቱም ቀና ስንል ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ልብ ያካክሳል። 8 ሰዓት ላይ ምሳ ሳይበላ፣ ተቀምጦ 66። ሽሮውን በልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ እዚያው ወንበር ላይ 76። አያችሁ? የሚያስፈራው የ18 ምት ልዩነት ተበታተነ፦ 5ቱ ከመኝታ ወደ መቀመጥ፣ 3ቱ የቀኑ መግፋት፣ 10ሩ የምሳው። የታመመ ልብ የት ገባ?

የማታውም 69 ከዚሁ ወገን ነው። የሰውነት ሙቀት ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ዝቅ የሚለው እንቅልፍ ሲቃረብና ሌሊት ነው፤ ልብም ሙቀቱን ይከተላል። በዚያ ላይ ልጁ ፎቶውን ባነሳበት ቀን እራቱን 3 ሰዓት ላይ በልቶ፣ ኳስ እያየ ሲጮህ አምሽቶ ነው የለካው። ቢራ ቢጨምርበት ኖሮ ደግሞ ልቡ ሌሊቱንም ጭምር ከፍ ብሎ ያድር ነበር።

ሰዓቱ ምንም ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ሰዓት የቀኑን ዝቅተኛ ምት ፈልጎ ነው «የእረፍት የልብ ምት» የሚለው፤ ሌላው ደግሞ አሁን ያለውን ምት ለክቶ ያንኑ ስም ይሰጠዋል። እነዚህን ሁለቱን ማወዳደር የተማሪን የዓመት አማካይ ከአንድ የክፍል ፈተና ጋር እንደማወዳደር ነው። ሌላው፣ ሰዓቱ የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ የደሙን መፍሰስ በማየት ነው። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅ ከተንቀሳቀሰ ይሳሳታል። ማጣሪያው ነፃ ነው፦ ከአውራ ጣት ስር፣ አንጓው ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ልጁ ሲቆጥር ከሰዓቱ ጋር የተለያየው በ2 ምት ብቻ ነበር። ደጋግማችሁ ቆጥራችሁ 10 እና 15 ከተለያየ ግን ያኔ ሰዓቱን ጠርጥሩት፣ እኔም አብሬያችሁ እጠረጥረዋለሁ።

አሁን «ልብህ ደክሟል» ወደሚሉት። ወገን፣ የጠዋትን 58 ከምሳ በኋላ ካለ 77 ጋር አስተያይቶ በሽታ የሚያወጣ ሐኪም የለም። የሚወዳደረው ጠዋት ከጠዋት ጋር ነው፦ ከአልጋ ሳትነሱ፣ ከቡና በፊት፣ በተመሳሳይ ሰዓት። የራሳችሁ ጠዋት 58 ሆኖ ሳለ ለተከታታይ ቀናት 68 እና 70 ካሳየ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ትኩሳት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። አርፋችሁ ሁልጊዜ ከ100 በላይ ከሆነ ወይም ምቱ ዝብርቅርቅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ሰዓቱ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ፣ ያኑ ቀን ሂዱ። ሰዓት «ደህና ነህ» ብሎ ማረጋገጫ አይሰጥም፤ ይህ ከአቅሙ በላይ ነው።

ልጁ ኪኒኑን ወደ እናቱ ዕቃ መልሷል። ቁጥሩ አሁንም ጠዋት 58፣ ከምሳ በኋላ 76 እና 77 ነው። እንደዚያው ይቀጥላል፣ ምሳ እስከበላ ድረስ።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር። ግን መጀመሪያ ነገ ጠዋት ተኝታችሁ፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ተቀምጣችሁ በጣታችሁ ቆጥራችሁ ኑ። ሳይቆጥር ለመጣ መልስ አልሰጥም። እናንተ ተማሪዎቼ ደግሞ ይህን ጠባዬን ታውቃላችሁ።