ከፎቶግራፉ ሥር

ለመሥሪያ ቤትህ መጽሔት አንድ ፎቶግራፍ ተሰጥቶህ፥ ከሥሩ የሚጻፈው መስመር እንቢ አለህ እንበል። ፎቶግራፉ ለመስቀል በደመቀው የቡታጅራ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪናውን የሚያሽከረክር ሰው ያሳያል።

ጥሩውን መስመር ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ ዐሥር መናኛ መስመር ሳትሰርዝ ጻፍ። የመጀመሪያዎቹ «ሰውዬው ይሰፋል» የሚሉ ዓይነት ናቸው፤ ይህንንማ ዓይን ራሱ ያያል። ወደ ኋላ ግን ብዕርህ ሥዕሉ የማይናገረውን፥ ቦታውንና ወቅቱን፥ መፈለግ ይጀምራል።

ከዚያ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው። «ቡታጅራ፤ ሰፊው የመስቀል ገበያ ላይ» የሚለው በወረቀት ላይ ያምራል። ምላስህ ግን «ፊ» ላይ ሲደርስ ያመነታል፤ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፥ ሲጠብቅ ገበያው ራሱ ሰፊ ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ይህን ዓይን ያልፈዋል። («ገና»ም እንዲሁ ያስቸግራል፤ በዓሉ ይጠብቃል፥ ሌላው ይላላል።) «ልብስ ሰፊው በመስቀል ገበያ፥ ቡታጅራ» ቢባል ግን ማንም አይደናቀፍም።

ያሰብከውን ስለምታውቅ አንተ ስታነብ ላትሳሳት ትችላለህ። ስለዚህ የቀሩትን ሁለት ሦስት መስመሮች ፎቶግራፉን ላላየ ጓደኛህ ስጠውና ያንብብልህ። ገበያው በእርግጥ የመስቀል መሆኑን ግን ጆሮ አይነግርህም፤ እርሱን ፎቶግራፍ አንሺውን ጠይቅ።