«ይቅር ተባብለዋል» ለሚሉ ሽማግሌዎች፦ ምላሽ

«ካልነካት ክህደት የለም፤ ከታረቁ በኋላ ነገሩን ማንሳትም ቂም ነው» የሚለው አስተያየት በየሽምግልናው ይሰማል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አመንዝራነትን የሚመለከተው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በመሆኑ ለዚህ ድጋፍ የሰጠ ይመስላል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት እንዲተማመኑ ሲያዝ መተማመንን በአልጋ ብቻ አልወሰነውም።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ባልና ሚስትን ለምሳሌ እናስብ። ባል ጠዋትና ማታ ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋር በአንድ ሰርቪስ ይመላለሳል። ሚስት አንድ ምሽት ቴሌግራሙን ስታይ የፍቅር ቃል አላገኘችም። ያገኘችው የእናቱን ሕመም፣ የዕዳውን ጭንቀትና ከእሷ ጋር ያለውን ጠብ ለዚያች ባልደረባው ሲተርክ ነው። ከእናቱ ሕመም እሷ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሸርሊ ግላስ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ እንዲህ ያለውን ሁኔታ በመስኮትና በግድግዳ ትገልጸዋለች፤ ለትዳር ጓደኛ ሊከፈት የሚገባው መስኮት ለውጭ ሰው ተከፍቶ፣ በባልና ሚስቱ መካከል ግድግዳ ቆሟል።

ሽማግሌዎች መጥተው አስታረቁ እንበል። ሰኞ ጠዋት ግን ሰርቪሱ ያው ነው፤ ሴትዮዋም እዚያው ናት። ሥራ መልቀቅ ካልተቻለ ንግግራቸው በሥራ ጉዳይና ሌሎች ባሉበት ይወሰን። ባል በሌላ መንገድ ይመላለስ። ሴትዮዋ በግል ከጻፈችለት ሳይጠየቅ በዚያው ዕለት ለሚስቱ ይንገራት። አመኔታን የሚመልሰው ይህ «ሳይጠየቅ» የሚለው ነው፤ ስልክ እየፈተሹ የሚገኝ እውነት ሚስትን መርማሪ ከማድረግ አያልፍም።

ጊዜውስ? ፍርድ ቤት ፍቺ ለጠየቁ ባልና ሚስት ሽምግልናው ካልተሳካ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በ3 ወር ግን ብዙ ሰው ገና ከድንጋጤው አልወጣም፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጎርደን፣ ባውኮምና ስናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች ሕክምናውን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ድንጋጤውን ማርገብ፣ ለምን እንደሆነ መረዳት፣ ከዚያም አብሮ ስለመቀጠል መወሰን። ማገገሙ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። በመካከሉ አዲስ ውሸት ከተገኘ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

የሚያሰጉ ምልክቶች አሉ። እውነቱ ሲደረስበት ብቻ በቁንጽል ሲወጣ፣ መልእክት ሲጠፋ፣ «እስከ መቼ ትጨቀጭቂኛለሽ» የሚለው ቃል ገና በሁለተኛው ወር ሲመጣ፣ ከሚስቱ ሕመም ይልቅ የሥራ ባልደረባው ስም መጉደፍ ሲያሳስበው። በሚስት በኩል ደግሞ፣ ዓመት ሞልቶት ባል ቃሉን እየጠበቀ ፍተሻው ካልቀነሰ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል። ዱላ ወይም ማስፈራሪያ ካለ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነት ነው እንጂ ለዕርቅ አይደለም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ዕርቁን ባወረዱበት ዕለት ሌላ ቀጠሮ ይያዙ፦ በ3ኛው ወር፣ በ6ኛውና በዓመቱ። በየቀጠሮው ሁለቱም ይጠየቁ፤ መጀመሪያ የምትናገረው ግን የተጎዳችው ትሁን።