በሩ ክፍት ነው ያለውን ልጅ ሌባ አትበሉት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ልጁ ውጤቱን ሊያይ ፖርታሉ ውስጥ ገብቶ ሳለ አድራሻው ላይ ይህን አየ፦

```
/grades/view?id=4417
```

4417 የራሱ ቁጥር ነው። የመጨረሻዋን 7 በ8 ቀየራት። የማያውቃት ልጅ ውጤት ከነስልክ ቁጥሯ ፊቱ ላይ ተዘረገፈ። ደንግጦ ዘጋው። አሁን ጥያቄው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?»

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፖርታሉ ስትገቡ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከገባችሁ በኋላ ግን «ይሄ ገጽ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የግቢው ዘበኛ መታወቂያ አይቶ ያስገባል፣ የዶርሞቹ በሮች ግን ቁልፍ የላቸውም እንደማለት ነው። ይህን ለማግኘት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቁጥር መቀየር ይበቃል። ስለዚህ ይህ ልጅ ዝም ቢል ሌላው ያገኘዋል። ያ ሌላው ደግሞ ደንግጦ የሚዘጋ ላይሆን ይችላል።

«ታዲያ ይንገራቸዋ!» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ የካናዳውን ልጅ ታሪክ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሞንትሪያል የዳውሰን ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የነበረ የ20 ዓመት ወጣት፣ ከጓደኛው ጋር የሞባይል አፕ ሲሠራ ኦምኒቮክስ የሚባለው ፖርታል ላይ ቀዳዳ አገኘ። በኩቤክ ያሉ አብዛኞቹ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ፖርታል ነው። ከ250,000 በላይ ተማሪዎች አድራሻና የግል መረጃ ሊታይ ይችል ነበር። ሄደው ለኮሌጁ ነገሩ። ተመሰገኑ፣ ይስተካከላል ተባሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ «ተስተካክሎ ይሆን?» ብሎ ቀዳዳ የሚፈልግ ሶፍትዌር ፖርታሉ ላይ አስነሳ። ወዲያው ከፖርታሉ ባለቤት ኩባንያ ስልክ ተደወለ። ልጁ እንደተናገረው፣ እስር እንደሚጠብቀው ተነግሮት የምስጢር ጠባቂነት ውል ፈረመ። ከዚያ 15 የትምህርት ክፍሉ መምህራን ድምፅ ሰጡ፤ 14ቱ ይባረር አሉ። ተባረረም። ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ያው ኩባንያ ሥራ ልስጥህ አለው!

ልጁ አልተሳሳተም አልልም። ሁለተኛው እርምጃ ስሕተት ነበር። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ብዙ ጥያቄ ስለሚልክ ፖርታሉን ሊያንገዳግድ ይችላል፤ ባለቤቱም ከጥቃት ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ግን የዚህ ቅጣት ምክር ነው ወይስ መባረር? የተቀሩት ተማሪዎች ከዚያ ምን ተማሩ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን በእስራት ያስቀጣል። አንቀጹ የሚጠይቀው ፈቃድ ነበረህ ወይ የሚለውን ነው፤ ልትሰርቅ ወይስ ልታስጠነቅቅ ገባህ የሚለውን አይለይም። እንግዲህ ይህ የ20 ዓመት ልጅ በቀናነት ደብዳቤ ሲጽፍ በራሱ ላይ ማስረጃ እየጻፈ ነው። «ማን ግባ አለህ?» የሚል አንድ የተቆጣ ኃላፊ ይበቃዋል።

ለዚህ ነው ወቀሳዬ በልጁ ላይ ያልሆነው። ወላጅ የልጁን መረጃ አምኖ የሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ነው። አደራ በልቶ ሲያበቃ፣ አደራው መበላቱን የነገረውን ልጅ መክሰስ ነውር ነው።

መፍትሔው ብር አይጠይቅም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያ አወጣች፦ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ካልገባ፣ መረጃ ካልወሰደና ቀድሞ ለባለቤቱ ከነገረ፣ ተቋሙ ላለመክሰስ ቃል ይግባ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻቸው ለጠቋሚ ቲሸርት ይሸልማሉ። እኛም ጋ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ፖርታሉ ላይ አንድ የኢሜይል አድራሻና «በቅንነት የነገረን አይከሰስም» የሚል በፕሬዚዳንቱ የተፈረመ አንድ ገጽ ይለጥፍ። በቃ።

ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው፦ ሁለተኛ ቁጥር አትቀይር። የልጅቷን ገጽ ፎቶ አታስቀር፣ ለጓደኛም አታሳይ። ያየኸውን ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ገጽ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ጻፍ። ከምታምነው መምህር ጋር ሆነህ ለትምህርት ክፍሉ ስጥና ቅጂውን ያዝ። ገንዘብ አትጠይቅ። ተስተካክሎ እንደሆነም ተመልሰህ አትሞክር፤ የካናዳውን ልጅ ያስባረረው ያ ነው።

«እሺ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ወንድሜ፣ ካባረሩኝስ?» አለኝ።

ለዚህ መልስ መስጠት ያለብኝ እኔ አይደለሁም። ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው።