ለሰርግ አልበም ፎቶ ስትመርጡ ከሰው ጀምሩ

ፎቶ አንሺው 640 ፎቶ በፍላሽ ሰጥቷችሁ «60 ምረጡ» ሲል፣ ብዙ ሙሽሮች ያማረውን ፎቶ ብቻ ይለቅማሉ። ውጤቱ ሙሽሮቹ በአርባ ዓይነት አቋቋም የሚታዩበት፣ ኒካሁን ያሰረው ወሊይ ግን የሌለበት አልበም ነው። እኔ የምለው፣ መምረጥ ያለበት መጀመሪያ ሰውና ክስተት ነው፤ ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ፍላሹን እንደተቀበላችሁ ሙሉውን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ከአልበም የቀረ ፎቶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ይህን ካወቃችሁ መቁረጥ አይከብዳችሁም።

ቀጥሎ በሴቶች ክፍል የተነሱትን ለይታችሁ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። የሳሎን አልበም እንግዳ ሁሉ ይገልጠዋል፤ ሂጃቧን አውልቃ የጨፈረች ጓደኛ ግን የተነሳችው ወንድ እንዳያያት ተማምና ነው። ይህ አማና ነው። ሙሽራዋ ከፈለገች ለራሷ ትንሽ አልበም ታሠራ። ፎቶ አንሺውም ከእሱ ዘንድ ያለውን ቅጂ እንዲያጠፋ ንገሩት።

የሴቶቹ 140 ቢሆን 500 ይቀራል። በመጀመሪያው ዙር የደበዘዘውን፣ ዓይን የተከደነበትንና ሰው የከለለውን ብቻ አውጡ፤ 380 ቀረ እንበል። በሁለተኛው ዙር ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን አድርጉ። አንድ የቤተሰብ ፎቶ ሰባት ጊዜ ተነስቶ ከሆነ፣ አጉልታችሁ የአዛውንቶቹን ዓይን እዩ። እናንተ ሌላ መቶ ፎቶ አላችሁ፤ አያታችሁ ምናልባት ያላቸው ይህ ብቻ ነው። እሳቸው ጥሩ የወጡበት ይቅር። በዚህ መንገድ 130 ያህል ይቀራል።

አሁን ባልና ሚስት ለየብቻ 60፣ 60 ምረጡ፤ አንዳችሁ የሌላውን ሳያይ። ሁለታችሁም የመረጣችኋቸው 38 ቢሆኑ ያለ ክርክር ይገባሉ፤ ጭቅጭቁም ለ22 ቦታ ብቻ ይሆናል። እነዚያን ቦታዎች ከመሻማታችሁ በፊት የስም ዝርዝር ያዙ፦ ወላጆች፣ ወሊይ፣ ምስክሮች፣ አያቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ። ከ38ቱ ውስጥ የሌለ ሰው ካለ ቅድሚያ ለእሱ ነው። የተረፈውን ተካፈሉ።

«ገንዘብ ጨምረን 120 ብናደርገውስ?» የሚል አለ። ፎቶው ሲበዛ ወይ ገጹ ይበዛል፣ ወይ በአንድ ገጽ ስድስት ሰባት ፎቶ ታጭቆ ፊት እንደ ጉርድ ፎቶ ያንሳል። ማየት የሚቸግር ፊት ደግሞ ቦታ ያዘ እንጂ አልታየም።

በመጨረሻ ለኅትመት ከመላኩ በፊት የገጾቹን አቀማመጥ ለሁለቱም እናቶች አሳዩ። «እገሌ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከኅትመት በፊት ከመጣ ማስተካከያው አንድ ፎቶ መቀየር ብቻ ነው።