ጥቅሉን ማን ጨረሰው?

ከአምዱ አዘጋጅ

«ጠዋት የገዛሁት አንድ ጊጋ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ» የሚል እሮሮ ታክሲ ውስጥም ቢሮ ውስጥም ይሰማል። ጣት የሚቀሰረው ወዲያው ወደ ቴሌኮም ኩባንያው ነው፤ «በሉን» ይባላል። ለኩባንያዎች ጥብቅና ልቆም አይደለም። ነገር ግን ከመክሰሳችን በፊት ልናየው የሚገባ መዝገብ በኪሳችን አለ። መዝገቡን የገለጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ተጠያቂ ነው፤ ሳንጠይቀው በእኛ ሂሳብ እንዲያወርድ ተደርጎ የተሠራ አፕ።

በቅርቡ ይህንኑ ስሞታ ያሰማች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድሮይድ ስልኳን ሰጠችኝና `Data usage` የሚለውን ገጽ አብረን ከፈትን። ከአንዱ ጊጋ ውስጥ 460 ሜጋ ገደማ የበላው አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ አፕ ነው። 310 ሜጋ ያህሉ አፖችን ለማደስ ወጥቷል። 150 ሜጋ የሚሆነው ደግሞ በመልእክት መላኪያው ቡድኖች ውስጥ ከተለቀቁ፣ እሷ ከፍታ ካላየቻቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች የመጣ ነው። የቀረው ለጥቃቅን ነገሮች ሄዷል። «እኔ እኮ ቪዲዮ አልከፈትኩም!» አለች። እውነቷን ነው፤ አልከፈተችም። ስታልፍ ራሱ ተከፈተ እንጂ።

ገጹ የእያንዳንዱን አፕ ፍጆታ ለሁለት ይከፍለዋል። `Background` የሚለው አፑን ሳንከፍተው የወሰደው ነው፤ የአፕ ማደሻው 310 ሜጋ የተመዘገበው እዚህ ነው። `Foreground` የሚለው ደግሞ አፑ ስክሪኑ ላይ ሳለ የወሰደው ነው። በራሱ የሚጫወት ቪዲዮ የሚቆጠረው በዚህኛው በኩል ስለሆነ፣ ስልኩ «አንተው ነህ የተጠቀምከው» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። `Data Saver` የሚባለውን አብርቶ እፎይ ይላል። ያ ማብሪያ ግን በዋናነት የሚያግደው ከጀርባ የሚሠራውን ነው። ዓይናችን ፊት የሚጫወተውን ቪዲዮ ለማስቆም በየአፑ ሴቲንግ ገብቶ `Autoplay` የሚለውን ማጥፋት ወይም በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚወስድ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ 15 ሜጋ ባይት ይጨርሳል። ድምፁ መዘጋቱ ለውጥ አያመጣም፤ ክብደቱ ያለው ምስሉ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ጣትን እያንሸራተቱ መቆየት እስከ 450 ሜጋ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ሌላ አንዳንድ አፖች ቀጣዩ ቪዲዮ እንዳይቆራረጥ ብለው አስቀድመው ያወርዱታል። ባናየውም ሂሳቡ የእኛ ነው።

«በዋይፋይ ብቻ» የሚለው ምርጫም ቢሆን ቀዳዳ አለው። በስልካችን ሆትስፖት ላፕቶፕ ስናገናኝ፣ ላፕቶፑ የሚያየው ተራ ዋይፋይ ነው። ዊንዶውስ ያልተገደበ መስመር ያገኘ መስሎት በመቶ ሜጋዎች የሚቆጠር ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። መፍትሔው በዚያ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ `Metered connection` የሚለውን ማብራት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ፌስቡክ ቪዲዮን በራሱ ማጫወት የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሦስት ሰከንድ የተጫወተ ቪዲዮም «ታየ» ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። ብዙ ሲታይ ብዙ ማስታወቂያ ይሸጣል። ገቢው ወደ አፑ ባለቤት ይሄዳል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን ጥቅል የገዛው ሰው ነው። ቤቱ ያልተገደበ መስመር ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ በቀን ጥቅል ለሚኖር ተማሪ ግን የዕለት ወጪው ነው። ስለዚህ በሞባይል ዳታ ላይ ቪዲዮ በራሱ መጫወት ከመነሻው ጠፍቶ መምጣት አለበት። የፈለገ ያብራው፤ ያልፈለገ ሰው ማጥፊያውን ፍለጋ ሴቲንግ ውስጥ መንከራተት የለበትም።

የቴሌኮም ኩባንያዎችም የቤት ሥራ አለባቸው። «ጥቅልዎ አልቋል» የሚል መልእክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደንበኛው በየትኛው ሰዓት ስንት ሜጋ እንደወጣበት የሚያሳይ ዝርዝር ይሰጠው። እስከዚያው ግን ጥቅል ስንገዛ የስልካችንን ቆጣሪ እናስታውስ፤ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና አይተን እንቀንስ። ልዩነቱ ከገዛነው ጋር ከተቀራረበ ዳታው የሄደው በራሳችን ስልክ ነው፤ የትኛው አፕ እንደወሰደውም ገጹ ይነግረናል። ስልኩ 400 ሜጋ ቆጥሮ ኩባንያው አንድ ጊጋ ከቆረጠ ግን ስሞታችን ቁጥር አግኝቷል። የደንበኞች አገልግሎትም በግምት ሳይሆን በዝርዝር እንዲመልስልን ያን ጊዜ መጠየቅ እንችላለን።