ከደመወዝ ወረቀቱ መሠረታዊው መስመር ይጤን

በጀበል አሊ ነጻ የንግድ ቀጠና ባለ መጋዘን ለሥራ የሚቀጠር ኢትዮጵያዊ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው በወር እጁ ላይ የሚገባውን ገንዘብ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም።

በአገር ቤት ስሌቱ ረዘም ይላል። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር፣ ግብር የሚከፈልበት አበሉ ደግሞ 2,000 ብር የሆነን ሠራተኛ እንውሰድ። ጠቅላላው 12,000 ብር፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢውም ያው 12,000 ብር ነው፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ግብሩ ከመታሰቡ በፊት አይቀነስለትምና። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው ግን የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ በመሆኑ፣ ሰባት በመቶው 700 ብር ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ የተጣራው ክፍያ 9,050 ብር ይሆናል።

በጀበል አሊ ሁለቱም ተቀናሾች የሉም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይጣልም፤ የአገሪቱ የጡረታ ሥርዓትም ኢትዮጵያዊውን ሠራተኛ አያቅፍም። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ 1,800፣ የቤት አበሉ 700፣ የመጓጓዣ አበሉ 500 ድርሃም የሆነ ሠራተኛ 3,000 ድርሃሙን ሙሉ በሙሉ ይረከባል። ሌላው ባልደረባው ሙሉውን 3,000 ድርሃም በመሠረታዊ ደመወዝነት ቢዋዋል፣ በየወሩ የሚቀበሉት ገንዘብ አንድ ነው።

ልዩነቱ የሚገለጠው ሥራው ሲያበቃ ነው። የጡረታውን ቦታ የሚተካው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነውና። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል፤ ስሌቱም አበልን አይጨምርም። የመጀመሪያው ሠራተኛ የቀን ደመወዝ 1,800 ለ30 ተካፍሎ 60 ድርሃም ነው። በ21 ቀን ሲባዛ ለዓመት 1,260፣ ለአምስት ዓመት 6,300 ድርሃም ይሆናል። የባልደረባው የቀን ደመወዝ 100 ድርሃም ስለሆነ፣ በአምስት ዓመት 10,500 ድርሃም ይደርሰዋል። በየወሩ እኩል ሲከፈላቸው የኖሩት ሁለት ሰዎች በ4,200 ድርሃም ተለያይተው ይሰናበታሉ።

ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው የመድን ገንዘብም የሚታሰበው ከመሠረታዊ ደመወዙ 60 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው በወር 1,080፣ ሁለተኛው 1,800 ድርሃም ያገኛል።

በሁለቱም አገር የነገውን ገንዘብ የሚወስነው መሠረታዊ ደመወዙ ነው። በአገር ቤት የመዋጮው ቅናሽ በየወሩ ስለሚታይ ሠራተኛው ያስተውለዋል። በጀበል አሊ ግን ምንም ስለማይቆረጥ ጉድለቱ ለዓመታት ተሰውሮ ይቆያል። ስለዚህ ሠራተኛው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከጠቅላላው ድምር ይልቅ መሠረታዊ ደመወዝ የሚለውን መስመር ያንብብ፤ ቁጥሩንም ለ30 አካፍሎ በ21 ያባዛ። የሚደራደርበትም ጊዜ ያኔ ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ አበሉን ወደ መሠረታዊ ደመወዝ ለማዞር የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልጋልና።